ዕቁብ ወጣልኝ፤ ለውርርድ ድርጅቱ ምን ብዬ ልመልስ?

ብሪታንያ ውስጥ በስልኩ ውርርድ የሚጫወት ሰው በለመደው መጠን እስከተጫወተ ድረስ ድርጅቱ ብዙም አይጠይቀውም። በሳምንት 30 ፓውንድ ሲገባበት የኖረ አካውንት በአራት ቀን ውስጥ 5,000 ፓውንድ ሲገባበት ግን ነገሩ ይለወጣል። አካውንቱ ይታገድና አንድ አጭር መልእክት ይመጣል፦ በቅርቡ ያስገቡት ገንዘብ ከየት እንደመጣ ይግለጹልን፤ ማስረጃም ያያይዙልን።

ገንዘቡ የደመወዝ ወይም የቤት ሽያጭ ሲሆን መልሱ ቀላል ነው። ደመወዝ የአሠሪ ወረቀት አለው፤ የቤት ሽያጭም የጠበቃ የሒሳብ መዝጊያ አለው። ለንደንና ሊድስ ባሉ የእኛ ሰዎች ዘንድ ግን ብዙ ገንዘብ በአንድ ቀን እጅ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ማኅተም የለውም፤ የተመዘገበ ድርጅት አይደለም፤ የጥያቄውን ኢሜይል የጻፈው ሠራተኛም ስሙን ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። ታዲያ የዕቁብ ገንዘብ እንዴት ይብራራል? በምን ወረቀትስ ይደገፋል?

ጥያቄው ከየት መጣ

ድርጅቱ የሚጠይቀው ስለሚገደድ ነው። በ2002 የወጣው የብሪታንያ ሕግ ከወንጀል የተገኘ ገንዘብ መሆኑን እያወቀ ወይም እየጠረጠረ የሚያስተናግድን ሁሉ ይቀጣል። በ2017 የወጣው የገንዘብ ማጠብ መከላከያ ደንብ ደግሞ ካሲኖዎችን፣ በኢንተርኔት የሚሠሩትንም ጨምሮ፣ ደንበኞቻቸውን እንዲያጣሩ ያዛል። ደንቡ ሲወጣ ለማጣራት ያስቀመጠው መነሻ 2,000 ዩሮ ነበር፤ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ቢገባም ተያያዥ በሆኑ ክፍያዎች ተከፋፍሎ ቢገባም ለውጥ የለውም። ስለዚህ «ትልቅ እንዳይመስል» ብሎ በትንሽ በትንሹ ማስገባት አይጠቅምም፤ እንዲያውም ጥርጣሬውን ያብሰዋል።

ያላጣራ ድርጅት የሚከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። በማርች 2023 የዊሊያም ሂል ቡድን ድርጅቶች በድምሩ 19.2 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፍሉ የሀገሪቱ የቁማር ኮሚሽን አስታወቀ። ኮሚሽኑ ከዘረዘራቸው ጥፋቶች አንዱ፣ አንድ ደንበኛ አዲስ አካውንት ከፍቶ ያለ ምንም ማጣራት በ20 ደቂቃ ውስጥ 23,000 ፓውንድ ማውጣቱ ነበር። ዛሬ ኢሜይሉን የሚልከው ሠራተኛ እንዲህ ያለ ውሳኔ ከተላለፈ በኋላ የሚሠራ ሰው ነው።

ጥያቄው አንድ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሁለት ነው። አንደኛው ገንዘቡ በሕጋዊ መንገድ መገኘቱን ይመለከታል። ሁለተኛው ደግሞ ይህን ያህል ቢጠፋ ደንበኛው ኑሮው ይናጋ እንደሆነ ይመለከታል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ መልሶ ይቀመጣል። በዕቁብ ገንዘብ ላይ ግን የሚከብደው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱን ኋላ እናየዋለን።

አንድ ምሳሌ

ለንደን ውስጥ የራሱን መኪና የሚያሽከረክር አንድ ሹፌር እናስብ። ከነዳጅ፣ ከኢንሹራንስና ከግብር በኋላ በወር ወደ 2,300 ፓውንድ ይቀረዋል። 20 አባላት ያሉት ዕቁብ ገብቷል፤ እያንዳንዱ ዕቁብተኛ በወር 400 ፓውንድ ይጥላል፤ ዕጣ የደረሰውም 8,000 ፓውንድ ይወስዳል። ዕቁቡ የተጀመረው በጁላይ 2024 ነው፤ ለሹፌሩ የወጣለት በዘጠነኛው ወር፣ በማርች 2025 ነው።

15ቱ ዕቁብተኞች በባንክ ስለሚከፍሉ ዳኛው 6,000 ፓውንድ ማርች 7 ቀን ከራሱ አካውንት አስተላለፈለት። አምስቱ በጥሬ ገንዘብ ስለሚከፍሉ የቀረውን 2,000 በእጁ ሰጠው። ሹፌሩም በማግስቱ ፖስታ ቤት ሄዶ ጥሬውን ወደ ባንክ ሒሳቡ አስገባ። ከማርች 12 እስከ 15 ባለው ጊዜ ደግሞ በዴቢት ካርዱ 2,000፣ ከዚያ 1,500፣ ከዚያም ሌላ 1,500 ወደ ውርርድ አካውንቱ ላከ። ድምሩ 5,000 ሲደርስ ኢሜይሉ መጣ።

የመጀመሪያው ፈተና «የራሴ ቁጠባ ነው» ብሎ በአንድ መስመር መገላገል ነው። ይህ መልስ ውሸት ባይሆንም ለጠያቂው ምንም አይነግረውም። ቁጠባ ገንዘቡ የተቀመጠበትን ሁኔታ ያሳያል፤ የመጣበትን አያሳይም። ሌላው ፈተና የሦስት ወር የገቢ ማስረጃ ልኮ ዝም ማለት ነው። በወር 2,300 የሚያገኝ ሰው ማስረጃ ከ8,000 ፓውንድ ጋር ለብቻው ሲቀመጥ ጥያቄውን ያባብሰዋል እንጂ አይመልሰውም።

ጠያቂው የሚፈልገው ከመነሻው እስከ መድረሻው ያልተበጠሰ መንገድ ነው። በየደረጃው ሦስት ነገሮች መገጣጠም አለባቸው፤ ስም፣ መጠንና ቀን። ከዳኛው አካውንት የወጣው 6,000፣ በሹፌሩ ስም በተከፈተው ሒሳብ ላይ በዚያው ቀን መታየት አለበት። ፖስታ ቤት የገባው 2,000፣ በደረሰኙና በባንኩ ስቴትመንት ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ መታየት አለበት። ወደ ውርርዱ የሄዱት ሦስት ክፍያዎችም ከዚያው ሒሳብ መውጣታቸው መታየት አለበት። ገንዘቡ በመካከል በሚስት ወይም በወንድም ሒሳብ ካለፈ የዚያም ሒሳብ ስቴትመንት ይጨመራል። አለዚያ መንገዱ እዚያ ላይ ይቆረጣል።

ደብዳቤው

ደብዳቤው የሚላከው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ይዘቱ በእኛ ቋንቋ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ከማርች 12 እስከ 15 ቀን 2025 ድረስ ወደ አካውንቴ ያስገባሁት 5,000 ፓውንድ የመጣው ዕቁብ ከሚባል የቁጠባ ማኅበር ከደረሰኝ 8,000 ፓውንድ ላይ ነው። ዕቁብ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የተለመደ ነው፤ አባላቱ በየወሩ እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ፤ የወሩ ድምር ደግሞ በዕጣ ለአንድ አባል ይሰጣል፤ እያንዳንዱ አባል አንድ አንድ ጊዜ እስኪወስድ ድረስ ይቀጥላል። ወለድ የለውም።

«የእኛ ዕቁብ 20 አባላት አሉት። የወር መዋጮው 400 ፓውንድ ነው። ከጁላይ 2024 ጀምሮ በየወሩ ከፍያለሁ (ሰነድ 1)። ማርች 7 ቀን 6,000 ፓውንድ በባንክ ተላልፎልኛል (ሰነድ 2)፤ 2,000 ፓውንድ በጥሬ ተቀብዬ ማርች 8 ቀን በፖስታ ቤት በኩል ወደ ባንክ ሒሳቤ አስገብቻለሁ (ሰነድ 3)። የዕቁቡ ዳኛ የሰጠኝ ማረጋገጫና የመዝገቡ ቅጂ ከነትርጉሙ ተያይዟል (ሰነድ 4)። መዋጮዬን የምከፍለው ከሹፌርነት ገቢዬ ነው (ሰነድ 5)።

«ከ8,000 ፓውንዱ ውስጥ 3,600ው እስካሁን ያዋጣሁት የራሴ ገንዘብ ነው። የቀረውን 4,400 እስከ ፌብሩዋሪ 2026 ድረስ በየወሩ 400 እየጣልኩ እጨርሳለሁ።»

ደብዳቤው ከዚህ በላይ መርዘም የለበትም። «ታማኝ ደንበኛ ነኝ»፣ «ለምን ተጠረጠርኩ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች አይገቡበትም፤ አንባቢው የሚመዝነው ሰነዱን ነው። ዕቁብን የሚያብራራው ክፍል ግን አይቀርም። እንዲህ ያለ የመረዳጃ ቁጠባ በሌሎች ሕዝቦችም ዘንድ በየራሱ ስም አለ፤ የካሪቢያን ሰዎች ፓርድነር የሚሉት የእነሱ ዓይነት ብሪታንያ ውስጥ ከዕቁብ በተሻለ ይታወቃል። ሠራተኛው ዕቁብን ባያውቅ እንኳ አሠራሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ካነበበ ይገባዋል።

ሰነዶቹና ደካማ ጎናቸው

ከሁሉ የበለጠ ክብደት ያለው ሰነድ 1 ነው። በዘጠኝ ወር ስቴትመንት ላይ በየወሩ ለአንድ ሰው የተላከ 400 ፓውንድ ሲታይ፣ ዕቁቡ ለዚህ ጥያቄ ተብሎ ትናንት የተፈጠረ ታሪክ አለመሆኑን ያሳያል። ስቴትመንቱ ከባንኩ መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ ሙሉ ሆኖ በፒዲኤፍ የወረደ መሆን አለበት፤ ስም፣ የሒሳብ ቁጥርና ቀን ይታይበታል። ከስልክ ላይ የተነሣ የተቆራረጠ ፎቶ ብዙ ጊዜ ተመላሽ ይሆናል። ግላዊ የሆኑ ወጪዎችን በጥቁር ቀለም መሸፈን የሚያጓጓ ቢሆንም አብዛኞቹ ድርጅቶች የተሸፈነ ገጽ አይቀበሉም።

ሰነድ 3፣ የጥሬ ገንዘቡ ደረሰኝ፣ ከሁሉ ደካማው ነው። ደረሰኙ 2,000 ፓውንድ መግባቱን ያሳያል፤ ከማን እጅ እንደመጣ ግን አያሳይም። ይህን ክፍተት የሚሞላው ሰነድ 4 ነው። ዳኛው በሚጽፈው ማረጋገጫ ላይ የዕቁቡ አጀማመር፣ የአባላቱ ብዛት፣ መዋጮው፣ ዕጣው የወጣበት ቀን፣ በባንክ የተላለፈውና በጥሬ የተሰጠው መጠን ለየብቻ ይጻፋል፤ ዳኛው ይፈርምበታል፤ አድራሻውንም ያስቀምጣል። የሌሎቹ ዕቁብተኞች ስም ግን የእነሱ ጉዳይ ነው። ከመዝገቡ ላይ የሹፌሩ መስመርና የወሩ ድምር ብቻ እንዲታይ አድርጎ ሌላውን መሸፈን ተገቢ ነው፤ ለምን እንደተሸፈነም በደብዳቤው ውስጥ በአንድ መስመር ይገለጻል። ይህ ከባንክ ስቴትመንቱ የሚለየው የሌሎች ሰዎች መረጃ ስለሆነ ነው። መዝገቡ በአማርኛ ከተጻፈ ትርጉሙ አብሮ ይላካል፤ ድርጅቱ በፈቃድ የሚሠራ ተርጓሚ ይተርጉመው ብሎ ሊጠይቅም ይችላል።

ሰነድ 5 ገቢውን ያሳያል። ተቀጣሪ ቢሆን ኖሮ የደመወዝ ወረቀት ወይም አሠሪው በየግብር ዓመቱ መጨረሻ የሚሰጠው P60 ይበቃ ነበር። ሹፌሩ ግን የራሱ ተቀጣሪ ስለሆነ ከግብር ቢሮው የሚገኘውን SA302 የተባለውን የግብር ስሌት ይልካል።

አንድ ነገር ፈጽሞ አይደረግም፤ ሰነድ ማስተካከል። ስሙ ላይ የፊደል ስሕተት አለና ላርመው፣ ቀኑ ስላልገጠመ ልለውጠው፣ የአጎቴ ልጅ «ስጦታ ነው» ብሎ ይጻፍልኝ የሚሉ ሐሳቦች ሰውየውን ከጥያቄ ወደ ወንጀል ይወስዱታል። ድርጅቶቹ ፒዲኤፉ ተነካክቶ እንደሆነ የሚመረምሩበት መሣሪያ አላቸው። ስሙ በሁለት ወረቀት ላይ በሁለት ዓይነት ፊደል ከተጻፈ፣ በእኛ ስም ላይ የተለመደ ነገር ስለሆነ፣ ልዩነቱን በደብዳቤው ውስጥ በግልጽ መናገር ይሻላል።

ዕጣ የወጣለት ሰው ባለዕዳ ነው

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ሹፌሩ ዘጠኝ ጊዜ 400 ከፍሏል፤ 3,600 ነው። የወሰደው 8,000 ነው። ልዩነቱ 4,400 ፓውንድ የሌሎቹ ዕቁብተኞች ገንዘብ ነው፤ በቀሩት 11 ወራት የሚመልሰው። ዕቁብ ይህን ድሮም ያውቀዋል፤ ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ጥራ የሚባለውም ለዚህ ነው። በመጨረሻው ወር የወጣለት ሰው ግን ዋስ አያስፈልገውም፤ የወሰደው ሁሉ የራሱ ቁጠባ ነውና።

የድርጅቱ ሠራተኛም ይህን ሒሳብ ይሠራዋል። ወደ ውርርዱ የገባው 5,000 ፓውንድ ከራሱ ቁጠባ ከ3,600ው ይበልጣል። ስለዚህ ቢያንስ 1,400 ፓውንዱ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ነው። ብሪታንያ ከኤፕሪል 14 ቀን 2020 ጀምሮ በክሬዲት ካርድ መወራረድን የከለከለችው ሰዎች በብድር ገንዘብ እንዳይጫወቱ ነው። ዕቁብ ክሬዲት ካርድ ባይሆንም፣ ወለድም ባይኖረው፣ ጥያቄው ተመሳሳይ ነው፤ ይህ ገንዘብ ቢጠፋ የኤፕሪሉ 400 ከየት ይመጣል?

አንዳንዱ ሰው ይህን ከደብዳቤው ማስቀረት ይሻለዋል ብሎ ያስባል። ሒሳቡ ግን ከሰነዱ ላይ በቀላሉ ይነበባል፤ 20 አባላት፣ ዘጠነኛ ወር፣ 400 ፓውንድ። ያልተጻፈው ነገር በሠራተኛው እጅ ሲገኝ የተደበቀ ይመስላል፤ በደንበኛው እጅ ሲጻፍ ግን ማብራሪያ ይሆናል። ከዚያም በላይ ሒሳቡ ለሹፌሩ ለራሱ መልስ አለው። «የራሴ ነው» ብሎ ያስገባው ገንዘብ ከፊሉ የጓደኞቹ መሆኑን ቁጥር አድርጎ ያሳየዋል። ይህን አይቶ ራሱን ማቆም ለሚፈልግ ጋምስቶፕ የተባለ ነጻ አገልግሎት አለ፤ አንድ ጊዜ ተመዝግቦ ለስድስት ወር፣ ለአንድ ዓመት ወይም ለአምስት ዓመት በብሪታንያ ፈቃድ ካላቸው የኢንተርኔት የውርርድ ድርጅቶች ሁሉ ራሱን ማገድ ይችላል።

ከተላከ በኋላ

ሰነዶቹ የሚላኩት ወደ አካውንቱ ገብቶ በዚያ በተዘጋጀው መጫኛ በኩል ነው። በኢሜይል የመጣ ማያያዣ ተጭኖ የባንክ ስቴትመንት መስጠት አደገኛ ነው፤ አጭበርባሪዎችም እንዲህ ያለ ኢሜይል ይጽፋሉ። የተላከው ሁሉ ቅጂ ይቀመጣል፤ የተላከበት ቀንም ይያዛል።

ድርጅቱ ከሦስት አንዱን ሊያደርግ ይችላል። ምንጩን ተቀብሎ አካውንቱን ይከፍታል፤ ወይም ተጨማሪ ወረቀት ይጠይቃል፤ ወይም ደግሞ ምንጩን ተቀብሎ በወር ማስገባት የሚቻለውን መጠን ይቀንሳል። በዚህ ምሳሌ የሚጠበቀው ሦስተኛው ነው። የገንዘቡ መንገድ ጥርት ያለ ቢሆንም የሹፌሩ ገቢና የቀረው መዋጮ በአራት ቀን 5,000 ፓውንድ መወራረድን አይሸከምም። ይህ የጥፋተኝነት ፍርድ አይደለም፤ ለሁለተኛው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ለቀናት ምንም መልስ ላይመጣ ይችላል። ድርጅቱ ጥርጣሬ ካደረበት ለብሔራዊ የወንጀል መከላከያ ኤጀንሲ ሪፖርት ያደርጋል፤ ይህን ለደንበኛው መንገር ደግሞ በሕግ ሊያስቀጣው ይችላል። ድርጅቱ ገንዘቡን ለመልቀቅ ፈቃድ ከጠየቀ ኤጀንሲው ለመመለስ ሰባት የሥራ ቀን አለው፤ ከከለከለ ደግሞ የ31 ቀን እገዳ ይከተላል። ስለዚህ ስልክ የሚያነሣው ሠራተኛ «እየታየ ነው» ከማለት ሌላ ቢጠፋው ሁልጊዜ ንቀት አይደለም።

መዘግየቱ ያለ ምክንያት ከሆነ ግን መንገድ አለ። ደንበኛው በመጀመሪያ ለራሱ ለድርጅቱ በጽሑፍ ቅሬታ ያቀርባል። በስምንት ሳምንት ውስጥ እልባት ካላገኘ ጉዳዩን ድርጅቱ ወደ መረጠው ነጻ የክርክር ፈቺ አካል መውሰድ ይችላል፤ አገልግሎቱ ለደንበኛው ያለ ክፍያ ነው። የቁማር ኮሚሽኑ የግለሰብ ክርክር አይፈታም። የኮሚሽኑ የፈቃድ ደንብ ግን አንድ የሚጠቅም ነገር አስፍሯል፤ ድርጅቱ ቀደም ብሎ በአግባቡ ሊጠይቀው ይችል የነበረውን መረጃ፣ ደንበኛው ገንዘቡን ላውጣ ሲል ብቻ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ የለበትም፤ ሌላ ሕግ በዚያ ጊዜ ካላስገደደው በቀር።

ዕቁቡ ራሱ ከዚህ የሚማረው ነገር አለ። ለቤት ግዢ ቅድመ ክፍያ የሚሰበስብ ሰውም በጠበቃው ይኸው ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ባንኩም ሊጠይቀው ይችላል። ሁሉም መዋጮ በባንክ በኩል ቢያልፍ፣ በማስተላለፊያው ላይ «ዕቁብ» እና የወሩ ስም ቢጻፍ፣ ዳኛውም ዕጣ በወጣ ቀን ለወጣለት ሰው ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ ቢሰጥ፣ ከላይ የተደከመበት የሰነድ 3 ክፍተት መጀመሪያውኑ አይፈጠርም ነበር።